ሌሊት ባትሪውን የሚበላው ማነው?

መምህርቷ ስልካቸውን ማታ 4 ሰዓት ላይ አልጋቸው አጠገብ ሲያስቀምጡት ባትሪው 82 ከመቶ ነበር። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲያነሱት 51 ይላል። በመሃል ማንም አልደወለላቸውም፣ ስክሪኑ አልበራም፣ ማንቂያ እንኳ አልጮኸም። ነገሩ ሲደጋገም አንድ ሱቅ ወስደው አሳዩት። «ባትሪው ሞቷል» ተባሉና በአዲስ አስቀየሩ። አዲሱም ባትሪ ከአሮጌው አልተሻለም፤ ሌሊቱን እየጎደለ ያድር ጀመር። መብራት በጠፋ ማታማ ጭራሽ ብሶ፣ ሳይሞላ ያደረው ስልክ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ይዘጋባቸዋል።

ቀጥሎ የሄዱት መገናኛ አካባቢ ወዳለች ጠባብ የስልክ ጥገና ሱቅ ነው። ወጣቱ ጠጋኝ ስልኩን ሲቀበላቸው ክዳኑን ለመክፈት አልቸኮለም።

«እትዬ፣ ጠዋት ሲያነሱት ለብ ይላል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አዎ ልጄ፣ ሌሊቱን ሳወራበት ያደርኩ ነው የሚመስለው።»

ራሱን ነቀነቀና ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የባትሪውን ገበታ ከፈተ። ከማታ እስከ ንጋት ያለው መስመር አንድ ወጥ ሆኖ፣ ሳይሰበር ወደ ታች ይወርዳል። «መስመሩን ይዩልኝ» አላቸው፤ «ገደል የለውም። ባትሪ ሲያረጅ እንዲህ አያደርግም።»

ለመምህርቷ ነገሩ አልተገለጠላቸውም ነበር፤ የምርመራው ግማሽ ግን እዚህች ላይ ነው ያለቀው። ያረጀ ባትሪ ጸባዩ መዝለል ነው። 40 ላይ የነበረው ድንገት 22 ይሆናል፣ 15 ላይ እያለ ስልኩ ይጠፋል፣ ቻርጀር ሲሰካ ደግሞ ወዲያው 30 ብሎ ይነሳል። ባትሪው ደህና ሆኖ ከጀርባ የሚጠቀምበት ነገር ሲኖር ግን ቁጥሩ በየሰዓቱ እኩል እኩል ይቀንሳል። የመምህርቷ ስልክ በየሰዓቱ ወደ 4 ከመቶ ገደማ ይጥል ነበር፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓትም ሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ልዩነት የለውም። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ጠጋኙ ስልኩን ባይከፍተውም ካልኩሌተር አወጣ። ባትሪው 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። የ82 እና የ51 ልዩነት 31 ከመቶ ነው፤ ይህም 1,550 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። ለ8 ሰዓት ሲካፈል በአማካይ 194 ሚሊአምፔር ይመጣል። በእርግጥ የተኛ ስልክ የሚፈልገው ከ10 እስከ 25 ሚሊአምፔር ቢሆን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ከመቶ ብቻ ቢጎድልበት ጤነኛ ነው ይባላል። ስክሪኑ ጠፍቶ 194 የሚወስድ ስልክ አልተኛም። ማን ቀሰቀሰው የሚለው ነው ቀሪው ጥያቄ።

ስልክ «ተኛ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ካልታወቀ ፍለጋው አቅጣጫ አይኖረውም። ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ነገር ሲያልቅ ሥራውን አቁሞ ይደነዝዛል። የሬዲዮ ክፍሉ ደግሞ ከኔትወርክ ማማው ጋር ያለውን ግንኙነት ለቆ፣ በየሰከንዱ ገደማ ለቅጽበት ብቻ ጆሮውን ከፍቶ «የሚፈልገኝ አለ?» ብሎ ያዳምጣል፤ ከሌለ መልሶ ይዘጋል። ስልክ ተደውሎ ሲጮህ ያ ጆሮ ሰምቶ ፕሮሰሰሩን ስለቀሰቀሰው ነው። መልእክትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ቴሌግራሙም ኢሜይሉም እያንዳንዳቸው ነቅተው አያድሩም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ሁሉም የሚያምኑት የጉግል አንድ የጋራ መስመር አለ። ግቢ ውስጥ ያሉት ቤተሰቦች ሁሉ ተኝተው በሩን አንድ ዘበኛ እንደሚጠብቅላቸው ማለት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚመለከተውን ብቻ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ መልእክት ሌሊት መቀበል በራሱ ባትሪ አይጨርስም። የሚጨርሰው ዘበኛውን ሳያምን ራሱ በር ላይ ቆሞ የሚያድር አፕ ነው።

አንድሮይድ ለዚህ ሕግ አለው። አንድ አፕ ፕሮሰሰሩ እንዳይተኛ ሲፈልግ ከሲስተሙ መያዣ ይወስዳል፤ ባለሙያዎቹ ዌክሎክ ይሉታል። ዘፈን ስክሪኑ ጠፍቶም የሚሰማው፣ የሚወርድ ፋይል መሃል ላይ የማይቆመው በዚህ መያዣ ምክንያት ነው። ጨዋ አፕ ሥራውን ሲጨርስ ይለቀዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአንድሮይድ 6.0 ጋር የመጣው ዶዝ የተባለ አሠራር ደግሞ ጨዋ ላልሆኑት የተሠራ ነው። ስልኩ ከቻርጀር ተነቅሎ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነቃነቅ ከቆየ ሲስተሙ የአፖቹን ኔትወርክ ይዘጋል፣ መያዣቸውንም ከቁጥር አያስገባም። እያራቀ በሚከፍታት አጭር ጊዜ ብቻ ሥራቸውን እንዲጨርሱ ይፈቅድላቸዋል። አልጋ አጠገብ ሌሊቱን የሚያድር ስልክ ዶዝ ውስጥ መግባት ነበረበት። የመምህርቷ ስልክ ለምን ሳይገባ አደረ?

ጠጋኙ ለዚህ መልስ ከመፈለጉ በፊት መምህርቷን አንድ ነገር ለመናቸው፤ ያን ዕለት ማታ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው እንዲያድሩ። ማንቂያው ኔትወርክ ስለማይፈልግ ይጮህላቸዋል። ሲም የሚፈልግ ነገር ሁሉ ግን ይዘጋል።

በማግስቱ ይዘው የመጡት ቁጥር ቁርጡን ተናገረ፤ ሌሊቱን የጎደለው 2 ከመቶ ብቻ ነበር። ለ8 ሰዓት ሲካፈል 12 ሚሊአምፔር ተኩል ማለት ነው። ያው ባትሪ፣ ያው ሲስተም፣ ያው አፖች። ባትሪው ደህና ነው፣ ሰሌዳው ላይ የሚያፈስ ክፍል የለም። ነገሩ ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ፈተና ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ በጣም ጠቃሚው እሱ ነው። ኤርፕሌን ሞድ ላይም ቁጥሩ ያው ሆኖ ቢቀጥል ኖሮ መንገዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ምናልባትም ወደ ሰሌዳው ጥገና ይታጠፍ ነበር።

ኔትወርክ ሲባል ግን ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው ራሱ ሲግናሉ ነው። ወፍራም ኮንክሪት ያለው ክፍል ውስጥ፣ ወይም ማማው በራቀበት ቦታ፣ ስልኩ ሲግናል እየጠፋበት ደጋግሞ ሲፈልግ ያድራል፤ 4ጂ እና 3ጂ መሃል ሲዋልልም እንዲሁ። ይህን መለየት ቀላል ነው፤ ስልኩን መስኮት አጠገብ ወይም ሌላ ክፍል አሳድሮ ቁጥሩን ማየት ነው። መምህርቷ ቤት ሲግናሉ ሙሉ ነበር፤ የልጃቸው ስልክም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ኔትወርክ በሰላም ያድራል። ስለዚህ የቀረው ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነው፤ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር የማይተኛ አፕ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሴቲንጉን የባትሪ ዝርዝር አይቶ ከላይ ያለውን አፕ ያጠፋል። የመምህርቷ ዝርዝር ላይ ከላይ የነበሩት ሲስተሙ ራሱና የሞባይል ኔትወርኩ ነበሩ። አጥፊው ከታች ተደብቆ ነበር፤ ምክንያቱም ሬዲዮውን እየቀሰቀሰ የሚያስበላው ኃይል በስሙ ሳይሆን በሬዲዮው ስም ነው የተመዘገበው። የዝርዝሩ ድክመት ይኸው ነው። እውነተኛውን መዝገብ ለማግኘት ስልኩን ከላፕቶፕ ጋር በኬብል ማገናኘት ግድ ይላል።

ጠጋኙ `About phone` ውስጥ ገብቶ `Build number` የሚለውን ሰባት ጊዜ ነካ፤ ከዚያ `USB debugging` የሚለውን ከፈተ። ላፕቶፑ ላይ የጻፈው አንድ መስመር ነው።

```
adb shell dumpsys batterystats --reset
```

ይህ የቆየውን መዝገብ አጥፍቶ በአዲስ ያስጀምራል። ስልኩ ከኬብሉ ተነቅሎ፣ ኤርፕሌን ሞዱ ጠፍቶ፣ እንደ ወትሮው አደረ። በበነጋው ተመልሶ ተሰክቶ ሌሊቱ በሙሉ ወደ ፋይል ወጣ።

```
adb shell dumpsys batterystats > lelit.txt
```

ፋይሉ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት፤ ላላየው ሰው ያስደነግጣል። ጠጋኙ ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው የፈለገው። የመጀመሪያው ይህ ነው።

```
Time on battery screen off: 8h 1m 5s realtime,
  7h 38m 40s uptime
```

`realtime` ስክሪኑ ጠፍቶ የቆየበት የግድግዳ ሰዓት ጊዜ ነው። `uptime` ደግሞ ከዚያ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ነቅቶ የቆየበት። ጤነኛ ስልክ ላይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል፤ ከ8 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እዚህ ግን ሁለቱ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። ስልኩ ከ8 ሰዓት ውስጥ የተኛው 22 ደቂቃ ብቻ ነው። ወጣቱ ላፕቶፑን ወደ መምህርቷ አዞረና ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ፤ «ስልኩ እንደ እርስዎ አልተኛም፤ ቁጭ ብሎ ነው ያደረው» አላቸው።

ሁለተኛው ቦታ የመያዣዎቹ ዝርዝር ነው።

```
Kernel Wake lock PowerManagerService.WakeLocks:
  7h 20m 11s (3702 times) realtime
Wake lock u0a213 tunnel:reconnect:
  7h 12m 3s (3588 times) realtime
```

የላይኛው የሚለው፣ ስልኩን ያስነቃው ሃርድዌር ወይም ድራይቨር ሳይሆን አፕ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራቀመው አፖች የወሰዱት መያዣ ሁሉ ነውና። የታችኛው አፑን ለይቶ ይነግራል። `u0a213` ሲስተሙ ለአፑ የሰጠው መለያ ነው፤ በ10,000 ላይ 213 ሲደመር ሙሉ ቁጥሩ 10213 ይሆናል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ስልኩን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። የአፑን ትክክለኛ ስም እዚህ ቀይሬዋለሁ።

```
adb shell pm list packages --uid 10213
package:com.example.tunnel uid:10213
```

መምህርቷ ስሙን ሲሰሙ ለአፍታ አሰቡ። «ይሄ ቪፒኤኑ ነው እኮ» አሉ፤ «ያኔ ቴሌግራም የተዘጋ ጊዜ ልጄ የጫነልኝ።»

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ቆይተዋል። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን ያልጫነ ስልክ ማግኘት ይከብድ ነበር። የተጫኑት ብዙዎቹ ነጻ የሆኑት ናቸው። ገደቡ ሲነሳ ሰዉ ቪፒኤኑን መክፈት ተወ፤ ማጥፋቱን ግን ያስታወሰ ጥቂት ነው። የመምህርቷም ቪፒኤን ስልኩ ሲበራ ራሱ እንዲገናኝ ተደርጎ የተስተካከለ ነበር። «በማገናኘት ላይ» የሚለውን ማሳወቂያ ደግሞ ስለረበሻቸው ድሮ ዘግተውታል። አሮጌውን ስልክ ወደ አዲስ ሲቀይሩም አፖቹ አብረው ተሻግረዋል።

ታዲያ አንድ የማይከፈት አፕ እንዴት ባትሪ ይጨርሳል? መልሱ ከቁጥሮቹ ውስጥ ይነበባል። በ8 ሰዓት ውስጥ 3,588 ጊዜ ማለት በየ8 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ነው። 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃው ለ3,588 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 7 ሰከንድ ያህል ይደርሰዋል። ስለዚህ አፑ የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ መያዣውን ይወስዳል፣ ወደ ሰርቨሩ ጥሪ ይልካል፣ 7 ሰከንድ ያህል መልስ ይጠብቃል፣ መልስ ሲያጣ ይለቃል፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ሰርቨሩ ከቆመ ቆይቷል። አፑ ግን ይህን አያውቅም። በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም ጥሪው ካልተሳካ ቀጣዩን እያራቀ ይሄዳል፤ ከ1 ደቂቃ ወደ 2፣ ወደ 4፣ ወደ 8 እያለ፣ በኋላም በሰዓት አንዴ ብቻ ይሞክራል። ይህኛው የተጻፈው ሰርቨሩ ለዘላለም እንደሚኖር ታስቦ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው የዳታው ማነስ ነው። መምህርቷ «ፓኬጄን ግን አልበላብኝም» ሲሉ ልክ ነበሩ። እያንዳንዱ ጥሪ 600 ባይት ቢሆን፣ 3,588ቱ ተደምረው ሌሊቱን ከ2 ሜጋባይት ብዙም አይዘሉም። አጭር ቪዲዮ ለማየት እንኳ አይበቃም። ባትሪን የሚጨርሰው ግን የዳታው ብዛት ሳይሆን ድግግሞሹ ነው። ስልኩ አንዲት ፊደል እንኳ ለመላክ ከማማው ጋር ሙሉ ግንኙነት መክፈት አለበት። ላኪው ከጨረሰ በኋላም ግንኙነቱ ወዲያው አይዘጋም፤ በ4ጂ ላይ «ሌላ የሚላክ ቢኖርስ» ተብሎ ብዙ ጊዜ ለ10 ሰከንድ ያህል ክፍት ይቆያል። በእነዚያ 10 ሰከንዶች ሬዲዮው ኃይል ይወስዳል። አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ያድርጓቸው። ሬዲዮው ለመተኛት 10 ሰከንድ ዝምታ ይፈልጋል፤ አፑ በየ8 ሰከንዱ ይቀሰቅሰዋል። ዝምታው ሊሞላ 2 ሰከንድ ሲቀረው እንደገና ይነሳል። ሌሊቱን ሙሉ አንዴም አልተኛም ማለት ነው። ያው 2 ሜጋባይት በአንድ ጊዜ ቢወርድ ኖሮ ሬዲዮው በሰከንዶች ጨርሶ ተመልሶ ይተኛ ነበር።

ዶዝ ለምን አላስቆመውም? ጠጋኙ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ጻፈ።

```
adb shell dumpsys deviceidle whitelist
user,com.example.tunnel,10213
```

ይህ ከዶዝ ነጻ የተደረጉት አፖች ዝርዝር ነው። አብዛኞቹ `system` ብለው የሚጀምሩ፣ ፋብሪካው ያስገባቸው ናቸው። `user` ብሎ የሚጀምረው ግን የስልኩ ባለቤት ፈቅዶ ያስገባው ነው። አፑ ተጭኖ መጀመሪያ ሲከፈት ከጀርባ ሁልጊዜ እንዲሠራ ይፈቀድለት እንደሆነ ጠይቋል፣ አንድ ሰው `Allow` ብሏል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አፑ ዶዝ ውስጥም ኔትወርክ የመጠቀምና መያዣ የመያዝ መብት አግኝቷል። ሲስተሙ ሕጉን አልረሳም፤ ፈቃድ ስለተሰጠ ነው ያለፈው።

ይህ ጥያቄ ብቅ ሲል ብዙዎቻችን ሳናነብ የምንነካው ነው። አንዳንድ አፕ በእርግጥ ያስፈልገዋል፤ ከስማርት ሰዓት ጋር የሚነጋገር፣ ወይም ሕመምተኛ የሚከታተልበት የስኳር መለኪያ አፕ ቢዘጋ ጉዳት አለው። ጨዋታ፣ የፎቶ ማስዋቢያ፣ የዋጋ ቅናሽ የሚያሳይ አፕ ግን ይህን ሲጠይቅ መልሱ አይሆንም ነው።

ማስተካከሉ ደቂቃም አልፈጀ። መምህርቷ ቪፒኤኑን ስለማይፈልጉት አጠፋላቸው። ቢፈልጉት ኖሮ አፑ ውስጥ ያለውን ራስ-ሰር መገናኛ ዘግቶ፣ በሴቲንግ የአፑን የባትሪ ገጽ ከፍቶ ከ`Unrestricted` ወደ `Optimized` ወይም ወደ `Restricted` ያወርደው ነበር። በቪፒኤን ሴቲንግ ውስጥ `Always-on VPN` የሚል ማብሪያ ካለም መጥፋቱን ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ እያለ ሌላው ማስተካከያ ዋጋ የለውም። በመጨረሻም `USB debugging` የሚለውን መልሶ ዘጋው። ይህን የሚረሱ ጠጋኞች አሉ፤ ክፍት ሆኖ ከቀረ ስልኩን ኬብል ለሚሰካ ሰው በር ይከፍታል፣ አንዳንድ የባንክ አፖችም በዚህ ምክንያት አልሠራም ይላሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ስልኩ ሲም እንደ በራ፣ ዳታም እንደ በራ አደረ። ንጋት ላይ የጎደለው 3 ከመቶ ነበር።

ሁሉም ፍለጋ እንዲህ አያልቅም። `PowerManagerService.WakeLocks` የሚለው ጊዜ አጭር ሆኖ ሌላ የከርነል መያዣ ለሰዓታት የቆየ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከአፕ በታች፣ በሞደሙ ወይም በሌላ ክፍል ድራይቨር ውስጥ ነው። ያኔ ተጠቃሚው የሚችለው የሲስተም ማሻሻያ መጫን፣ የቆየ ሲም ካርድ መቀየር፣ ወይም 5ጂ የሚይዝ ስልክ 5ጂ በሚቆራረጥበት ሰፈር 4ጂ ላይ ብቻ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አይፎን ላይ ደግሞ እነዚህ ትእዛዞች የሉም። `Battery` ገጹ ላይ ያለፈውን 24 ሰዓት ከፍቶ እያንዳንዱ አፕ ከጀርባ ስንት ደቂቃ እንደሠራ ማየት ግን ይቻላል፤ ሌሊት ለሰዓታት ከጀርባ የቆየው አፕ `Background App Refresh` ይዘጋበታል።

አንድ ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ፤ «ባትሪ አጽጂ» የሚባሉትን አፖች። አፖቹን በየደቂቃው እየገደሉ መልሰው እንዲነሱ ያደርጓቸዋል፤ መነሳት ደግሞ ተኝቶ ከመቆየት ይበልጥ ኃይል ይወስዳል። ይህን ለማድረግም ራሳቸው ሌሊቱን ነቅተው ያድራሉ።

ስልክዎ ሌሊት ባትሪ የሚጨርስ ከሆነ ለአዲስ ባትሪ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሌሊት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያሳድሩት። ማታና ጠዋት ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ወደ ጠጋኙ ይሂዱ። ልዩነቱ 2 ወይም 3 ከመቶ ሆኖ ሳለ «ባትሪ ይቀየር» ካለዎት፣ ሌላ ጠጋኝ ይፈልጉ።